ስክሪንሹት ገንዘብ አይደለም
(በአዲሱ የእቁብ ዙር መክፈቻ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ዳኛችን፣ ገንዘብ ያዣችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለአዲሱ ዙር አደረሳችሁ። ያለፈውን ዙር 20 ሰው ሆነን ጀምረን 20 ሰው ሆነን ጨርሰናል። እጣው ሁሉ ወጥቷል፤ ሳይደርሰው የቀረ የለም። ዳኛችን «ስለ አከፋፈሉ አጠር አድርገህ ተናገር» ብለውኛል። ለማሳጠር እሞክራለሁ፤ ግን ስለ አንድ ነገር ሳልናገር አልቀመጥም።

በጥሬ ገንዘብ ስንጥል ነገሩ ቀላል ነበር። ሰው ይመጣል፣ ቆጥሮ ይሰጣል፣ ይፈርማል። በሞባይል ቦርሳ መክፈል ስንጀምር ገንዘቡ በገንዘብ ያዣችን ስልክ ቁጥር ይገባል፣ እኛም «ከፈልኩ» ብለን ግሩፑ ላይ ስክሪንሹት እንለጥፋለን። እኔ ስክሪንሹቱን አይቼ ስሙ ጎን ምልክት አደርጋለሁ። አሠራራችን ይኼ ነበር። ችግሩም ይኼው ነው።

ያን ወር ታስታውሱታላችሁ። ከእጣው በፊት ባለው ማታ ዝርዝሬ ላይ 20 ምልክት አለ። ሃያ ሰው በ3,000 ብር 60,000 ይሆናል። ገንዘብ ያዣችን ቦርሳዋን ከፍታ ስታይ የገባው 57,000 ነው። ወረቀቱ ሁሉም ከፍሏል ይላል፣ ቦርሳው አንድ ሰው ቀርቷል ይላል።

ቁጭ ብለን የወሩን የገቢ ዝርዝር ከቦርሳው አወጣን። 18 መስመር ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ ሁለት ሰው የጎደለ መስሎን ደነገጥን። ቀስ ብለን ስናየው ከ18ቱ አንዱ የ6,000 ብር ነው፣ የላኪው ስም ደግሞ አባሎቻችን ውስጥ የለም። ስንደውል የአንዷ እናታችን ልጅ ናት፤ ለእናቷና ለአክስቷ አንድ ላይ ልካለች። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ አንድ ቃል አልጻፈችም። ጥሩ፣ 19 ሰው ሆነ። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ከስም ጋር እያገናኘን ስንሰርዝ አንድ ወንድማችን ብቻ ቀረ።

እሱ ግን ስክሪንሹት ልኳል! «ተሳክቷል» የሚል፣ 3,000 ብር የሚል። ቀኑ ያለበት የላይኛው ክፍል ተቆርጧል፤ የግብይት ቁጥሩ ግን ከታች ይታያል። ያንን ቁጥር ያለፈው ወር ዝርዝር ውስጥ ፈለግነው። አገኘነው። የባለፈው ወር ክፍያ ነው።

ሊያጭበረብር አይደለም፤ ይህን በሁላችሁ ፊት እመሰክራለሁ። ሲልክ ኔትወርክ ሄደበት፣ ክቡ እየዞረ ቀረ፣ እሱም ደርሷል ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሲጠየቅ ደግሞ ከፎቶዎቹ መሃል ያገኘውን ለጠፈ። ቀሪ ሂሳቡን አንዴ ቢያይ ኖሮ ገንዘቡ እንዳልተቀነሰ ይገባው ነበር።

ዋናው ግን ይኼ አይደለም። በማግስቱ እጣ የወጣለት ሰው 60,000 ብሩን ይጠብቃል። ማን ሞላው? ገንዘብ ያዣችን ከራሷ ኪስ 3,000 ብር ጨምራ ሰጠች። ወሬው ምን ነበር? «ገንዘቡ እሷ ጋ ጎደለ» ተባለ። ከፍላችሁ እንደሆነ ሳታረጋግጡ ስክሪንሹት የለጠፋችሁ ሁላችሁ ተኝታችሁ ስታድሩ፣ ምንም ያላጠፋች ሴት ስሟ ተነሳ። ያለ ደሞዝ ነው የምታገለግለን! እንግዲህ እኔ ጸሐፊ ሆኜ እስከቀጠልኩ ድረስ በስክሪንሹት ምልክት የማደርግለት ሰው አይኖርም። እናት ብትሆን፣ ዳኛ ቢሆን አይኖርም።

ከዚህ ዙር ጀምሮ ከፈለ የሚባለው ገንዘቡ በተቀባዩ ቦርሳ የገቢ ዝርዝር ውስጥ የታየለት ሰው ብቻ ነው። ሠንጠረዡን እንዲህ አድርጌ ሠርቼዋለሁ። የአባሉ ስም፣ የሚልክበት ስልክ ቁጥር፣ የገባው መጠን፣ የደረሰበት ቀንና የግብይት ቁጥር። ቁጥሩን የምገለብጠው ከገንዘብ ያዣችን ዝርዝር ነው እንጂ እናንተ ከላካችሁት ምስል አይደለም። አንድ የግብይት ቁጥር በሠንጠረዡ ውስጥ ሁለት ቦታ ከተገኘ ለሁለት ሰው እስካልተላከ ድረስ አንዱ ምልክት ይሰረዛል። ሲያልቅ ደግሞ ድምሩ ከቦርሳው ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ እጣ አይወጣም።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። በተመዘገበ ስልካችሁ ላኩ። በሌላ ሰው ስልክ ከላካችሁ ምክንያት በሚለው ቦታ ስማችሁንና ወሩን ጻፉ፤ ለሁለት ሰው ከሆነ ሁለቱንም ስም። ማረጋገጫ መልእክት ካልመጣላችሁ ደግማችሁ ከመላካችሁ በፊት ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። ሁለቴ ልኮ ማስመለስም የራሱ ጣጣ አለው።

ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ እጣው የደረሰውና ያልደረሰው የሚለይበት። አንዳንዶቻችሁ ይኼ ለምን አስፈለገ ብላችኋል። ዘጠነኛው ወር ላይ ሁለት ሰው ዘገየ እንበል። አንደኛው ገና አልደረሰውም፤ እስካሁን የጣለው 24,000 እኛ ዘንድ ነው፣ የሚያስፈራን ነገር የለም። ሌላው በሦስተኛው ወር 60,000 ወስዷል፤ የዘገየውን ጨምሮ 12 ወር ይቀረዋል፣ 36,000 ብር ዕዳ አለበት። ሁለቱም «አልከፈለም» ተብለው ሲጻፉ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ያልደረሰው እስኪከፍል እጣው ውስጥ አይገባም፤ የደረሰው ግን በዚያው ሳምንት ዋሱ ይጠራል።

የቀረውን ቶሎ ልበል። የማስተላለፊያ ክፍያ ካለ ላኪው ይሸፍናል፤ 3,000 ሙሉውን መድረስ አለበት። ቦርሳ በአንድ ቀን የሚላክበትና የሚያዝበት ጣሪያ ስላለው እጣ ለወጣለት ሰው በሁለት ጊዜ ወይም በባንክ ሊደርሰው ይችላል፣ አትቆጡ። ለገንዘብ ያዣችን «በስህተት ልኬልሻለሁ፣ መልሺልኝ» እያሉ የሚደውሉ አሉ። «ገንዘብ ገብቷል» የሚለው መልእክት የመጣው ከተራ ስልክ ቁጥር ከሆነና ቀሪ ሂሳቡ ካልጨመረ ውሸት ነው። ሚስጥር ቁጥሯን እኔም አላውቀውም፣ ዳኛችንም አያውቁትም። በየወሩ ግን የገቢ ዝርዝሩን ዳኛችን አብረው ያዩታል፤ እንደ ባለፈው ብቻዋን አትቆምም።

መክፈያው ከእጣው ቀን በፊት ባለው ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። ዓርብ ያልኩት ኔትወርክ ቢበላሽ ቅዳሜ እንድናጣራ ነው።

አሁን ወረቀቱ ከፊት ረድፍ ይጀምራል። የምትልኩበትን ስልክ ቁጥርና የዋሳችሁን ስም ጽፋችሁ ወደ ጎን አሳልፉት። እስክሪብቶ የሌላችሁ እኔ ጋ አለ።