በሩ ወርዷል፣ ግን መላጊያውን አስቀምጡት

ሚጣ፦ እሺ ጋሼ፣ ዛሬ ቀጥታ ወደ በሩ እንግባ። አንዲት አድማጭ የድምፅ መልእክት ልካልናለች። ኮንዶሚኒየም ነው፣ የመኝታ ቤት የእንጨት በር፣ ሲዘጋ በቁልፉ በኩል ከላይ መቃኑን ይፋቃል። አናጺ ጠርታ ላገላት፣ ከወራት በኋላ ያው ሆነ፣ እንደገና ተላገ፣ አሁንም ይፋቃል ትላለች። ከታች ደሞ ሴራሚኩን መጫር ጀምሯል።

ጋሼ፦ ያ በር እኮ ሁለት ጊዜ የተላገው በማያገባው ነው። የታመመው ሌላ ጎን ነው፣ የተቆረጠው ሌላ ጎን።

ሚጣ፦ የማጠፊያው ጎን ነው የሚሉት?

ጋሼ፦ የላይኛው ማጠፊያ። በሩ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው አይደል፣ ክብደቱ ወደ ቁልፉ በኩል ይጎትተዋል። ታችኛው ማጠፊያ ይገፋል፣ ላይኛው ይሳባል። ላይኛው ትንሽ ሲላላ መዝጊያው በሙሉ ከታችኛው ማጠፊያ ላይ ዞር ይላል፣ አናቱ ወደ ቁልፍ መቃን ይሄዳል፣ የቁልፉ በኩል ደሞ ዝቅ ይላል። እሷ የነገረችሽ ሁለቱም ምልክት ከዚህ የመጣ ነው፣ ከላይ መቃን መፋቁም ከታች ሴራሚክ መጫሩም።

ሚጣ፦ እኔ ሳይት ላይ ፊኒሺንግ ስቀበል መጀመሪያ የማየው ክፍተቱን ነው፣ ዙሪያውን ማለቴ። በሩን ዘግቼ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ከላይ ያለው ክፍተት ወደ ቁልፉ በኩል እየሰፋ ከሄደ፣ በማጠፊያው በኩል ደሞ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ በሩ ወርዷል ማለት ነው፣ መጠራጠር የለም። ደህና በር በሁለቱ ጎንና ከላይ 2 ወይም 3 ሚሊ እኩል ክፍተት ይኖረዋል።

ጋሼ፦ ትክክል። እና እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። የበሩ አናት ከላይኛው አግዳሚ ጋር በቁልፉ በኩል የሚጋጭ ከሆነ፣ ያ መውረድ አይደለም፣ ምክንያቱም የወረደ በር በዛ በኩል ከአግዳሚው ይርቃል እንጂ አይጠጋም። ያኔ መቃኑ ነው የተንቀሳቀሰው፣ ወይ አግዳሚው ጎብጧል፣ ወይ በክረምት እንጨቱ አብጧል። ሁለቱን የማይለይ ሰው ሁሌ መላጊያ ነው የሚያነሳው።

ሚጣ፦ ቁጥሩን አንዴ ልስራው፣ አድማጮች ስለሚጠይቁኝ። 30 ኪሎ የሚመዝን፣ 80 ሳንቲ ስፋት ያለው በር እንበል። ክብደቱ መሃል ላይ ስለሚቆጠር ከማጠፊያው 40 ሳንቲ ይርቃል። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 160 ሳንቲ ካለ፣ 30 ሲባዛ በ40 ሲካፈል ለ160፣ ሰባት ኪሎ ተኩል ገደማ ላይኛውን ወደ ውጭ ይስበዋል። ያንኑ በር ማጠፊያዎቹን አቀራርበህ በ80 ሳንቲ ርቀት ብታስረው መሳቡ 15 ኪሎ ይሆናል፣ እጥፍ ማለት ነው። ልጅ ሲንጠለጠልበት ደሞ እሱ ይጨመራል።

ጋሼ፦ ለዛ ነው ላይኛውን ከአናቱ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ፣ ታችኛውን ከግርጌው 20 ወይም 25 ሳንቲ የምናደርገው። ሶስተኛ ካለ ብዙ ሰው መሃል ላይ ያስቀምጠዋል፣ እንጨቱ እንዳይጎብጥ ይጠቅማል እሺ፣ ግን ለከባድ በር ወደ ላይኛው ቢጠጋ ነው የኔ ምርጫ፣ የሚሳበው እዛ ስለሆነ።

ሚጣ፦ እሺ ለልጅቷ እንመለስ። አሁን ምን ታድርግ?

ጋሼ፦ በሩን ግማሽ ትክፈት፣ በሁለት እጅ እጀታውን ይዛ ወደ ላይ ታንሳው፣ አንድ ሌላ ሰው ደሞ ላይኛውን ማጠፊያ ይይ። የሚንቀሳቀሰው ከሶስት አንዱ ነው። የማጠፊያው ፒን ውስጥ ከሆነ ማጠፊያው አልቋል፣ ይቀየር። ብሎኖቹ ከእንጨቱ ጋር ካልያዙ ቀዳዳው ላልቷል። ማጠፊያውም ብሎኑም ጸጥ ብሎ መቃኑ ራሱ ከግድግዳው የሚለይ ከሆነ፣ ያኔ ስራው ሌላ ነው።

ሚጣ፦ በኮንዶሚኒየም አብዛኛውን ያየሁት ሁለተኛውን ነው። አጭር ብሎን፣ ሁለት ሳንቲ የማትሞላ፣ አንዳንዴማ በመዶሻ ተመትታ ገብታ የመጨረሻዋ ዙር ብቻ በስክሩድራይቨር የታሰረች።

ጋሼ፦ በመዶሻ የገባች ብሎን ሚስማር ናት በቃ፣ ጥርሷ እንጨቱን ቀዶት ነው የገባው። ቀዳዳው አንዴ ከላላ በክብሪት እንጨት ጠቅጥቆ ማሰር ለጊዜው ይይዛል፣ ከዛ ያው ነው። ደህናው መንገድ፣ መዝጊያውን ከስር በሽብልቅ አስደግፈሽ ማጠፊያውን ትፈቺዋለሽ፣ የላላውን ቀዳዳ በ8 ወይም በ10 መብሻ አስፍተሽ ጠንካራ እንጨት፣ ልኩ የሆነ፣ ኮላ ቀብተሽ ትመቺበታለሽ። ኮላው በደንብ ይድረቅ፣ ከዛ በመሮ ከላዩ እኩል ትቆርጪውና በቀጭን መብሻ መንገድ ከፍተሽ ቢያንስ 4 ሳንቲ የሆነ ብሎን ታስገቢያለሽ።

ሚጣ፦ እኔ ደሞ አንዱን ብሎን ረዥም አድርጌ መቃኑን አሳልፌ ግድግዳው ውስጥ በፊሸር አስረዋለሁ፣ ላይኛው ማጠፊያ ላይ።

ጋሼ፦ ግድግዳው ድፍን ከሆነ እሺ። ብሎኬት ከሆነ ግን ፊሸሩ ክፍቱ ውስጥ ይገባና ዝም ብሎ ይሽከረከራል። በዛ ላይ ከመቃኑ ጀርባ ባዶ ከሆነ ብሎኑን ስታጠብቂ መቃኑን ወደ ግድግዳው ትስቢዋለሽ፣ ክፍተቱ ሁሉ ይበላሻል።

ሚጣ፦ እውነት ነው፣ ከጀርባው ሽብልቅ ካልገባ አይነካም። የተላገውስ? ማጠፊያው ሲመለስ እኮ አናቱ ጋ ክፍተቱ ይሰፋል።

ጋሼ፦ ይሰፋል፣ እሱ እንግዲህ የሁለቱ መላግ ዋጋ ነው። ከጠላች ቀጭን እንጨት በኮላ ይለጠፍለታል።

ሚጣ፦ ሌላ አንድ ነገር ከመርሳቴ በፊት፣ በሩ ገፍተሽ ስትዘጊው እንደ ስፕሪንግ መልሶ የሚገፋሽ አለ፣ ሰው ቁልፉ ነው ብሎ ቁልፍ ይቀይራል።

ጋሼ፦ ማጠፊያው በጣም ጠልቆ ተቀብሯል። ወይ የብሎን ራስ ወጥቶ ሌላኛውን ይነካል። በማጠፊያው በኩል ክፍተቱ ዜሮ ይሆናል፣ መዝጊያው መቃኑ ላይ ይጨናነቃል። ከማጠፊያው ቅጠል ስር ካርቶን ቆርጠሽ ታነጥፊያለሽ፣ አለቀ። የተከፈተ በር ብቻውን የሚዘጋ ወይም ብቻውን የሚከፈት ከሆነ ደሞ ማጠፊያዎቹ አንድ ቀጥታ መስመር ላይ ቢሆኑ እንኳ መስመሩ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል፣ ቱምቢ አልያዘም ማለት ነው።

ሚጣ፦ ቱምቢ ካልን ወደ ብረቱ እንለፍ። የግቢም ሆነ የሳሎን የላሜራ በር፣ ፍሬሙ ቱቦላሬ ወይም ኤልቲዜድ። እዚህ ስህተቱ የሚጀመረው በር ከመምጣቱ በፊት ነው፣ ፍሬሙ ሲቆም።

ጋሼ፦ በያጁ ፍሬሙን አምጥቶ ያቆማል፣ ግንበኛው ሞርታር ይጠቀጥቃል፣ ማንም መሃል ላይ መወጠሪያ ብረት አላስገባም። ሞርታሩ ሲጠቀጠቅ ሁለቱ ቋሚዎች መሃል ላይ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከላይ 90፣ ከታች 90፣ መሃል 89 ተኩል። ከዛ ግራይንደር ይነሳና መዝጊያው ይቆረጣል።

ሚጣ፦ እኔ የማዘው ይሄን ነው፣ ከታችና ከመሃል ልኩን የጠበቀ ብረት ነካ ነካ ተደርጎ ይበየድ፣ ሞርታሩ እስኪጠነክር አይነሳ። የማጠፊያው ቋሚ መጀመሪያ ይቁም፣ በቱምቢ በሁለት አቅጣጫ፣ ከፊትም ከጎንም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከፊት ብቻ ነው የሚያየው። ከዛ ዲያጎናሉ ይለካ፣ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ስኳድራ የለውም።

ጋሼ፦ ዲያጎናል እኩል ሆኖም የሚጠመዘዝ አለ።

ሚጣ፦ አዎ፣ አንዱ ቋሚ ወደ ክፍሉ፣ ሌላው ወደ ውጭ ያዘመመ። ያንን በክር ነው የምይዘው። ከአራቱ ጥግ ሁለት ክር አቋርጬ እወጥራለሁ፣ ሁለቱም ከፍሬሙ ፊት እኩል ተነስተው መሃል ላይ ልክ መነካካት አለባቸው። በመካከላቸው አየር ካለ ወይ አንዱ ሌላውን ከገፋ ፍሬሙ ተጠምዝዟል። በሩ ሲገጠም ከላይ ይነካና ከታች ይርቃል፣ ሰው ግን መዝጊያው ጠመመ ይላል።

ጋሼ፦ ማጠፊያው ሲበየድ ደሞ እንዲህ ነው። መዝጊያው ፍሬሙ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከስር ሽብልቅ፣ በጎንና ከላይ 3 ሚሊ ላሜራ ቁራጭ። የማጠፊያዎቹ ወንዱና ሴቷ ክፍል ላይና ታች በአንድ ቀጥታ መስመር መሆናቸው በረዥም ቀጥ ያለ ብረት ይታያል፣ መሃለኛውም ካለ እንዲሁ። ከዛ ነጥብ ብቻ ይበየዳል። ሽብልቁ ይነቀል፣ በሩ ይከፈት ይዘጋ። እዚህ ላይ ካልከበደ ነው ሙሉው የሚበየደው፣ እሱም ተራ በተራ፣ ትንሽ ላይ ትንሽ ታች፣ አንዱን ጎን ጨርሰሽ ከሄድሽ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስበዋል፣ መስመሩም ይጠፋል። ከዛ ነው ያ የሚያንጫጫ በር የሚመጣው፣ ግሪስ ቢቀባ አይፈወስም፣ ፒኑ እየታጠፈ ስለሆነ።

ሚጣ፦ ክብደቱስ? ያን ቅድም ያሰላነውን በ70 ኪሎ የግቢ በር ብሰራው፣ 1 ሜትር ስፋት፣ ማጠፊያው በ150 ሳንቲ ርቀት፣ 23 ኪሎ ገደማ ነው ላይኛው ላይ የሚሳበው፣ ሁሌ። ፍሬሙ በደንብ ካልተቀበረ...

ጋሼ፦ ከግድግዳው ይነቀላል። ለዛ ነው የፍሬሙ እግሮች፣ ግድግዳው ውስጥ የሚገቡት፣ ከማጠፊያው ፊት ለፊት መሆን ያለባቸው። እግሩ በየትም ይሁን ብለው ይበይዱና ላይኛው ማጠፊያ ጋ ባዶ ብሎኬት ይሆናል። እዛ ቦታ ብሎኬቱ በሞርታር ይሞላ።

ሚጣ፦ ስለ ሰያፉ ድጋፍ ሳናወራ አንወጣም። በሳንቃ ለሚሰራ የእንጨት በር፣ የኩሽና ወይም የጊቢ ጀርባ በር፣ ያ ሰያፍ እንጨት ከየት ወዴት ነው?

ጋሼ፦ ግማሹ ሰው ገልብጦ ነው የሚመታው። እንጨት ከሆነ እግሩ ከታችኛው ማጠፊያ ጋ ይጀምርና ወደ ቁልፉ በኩል ላይኛው ጥግ ይወጣል፣ ምክንያቱም ስራው መደገፍ ነው፣ ይጨመቃል እንጂ አይሳብም። ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታች ቁልፍ በኩል ከሄደ ሚስማሩ ብቻ ነው የሚሸከመው። በቀጭን ብረት ወይም ሽቦ ከሆነ ግን ልክ ተቃራኒው፣ ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታችኛው የቁልፍ ጥግ፣ ብረት መሳብ ነው የሚችለው።

ሚጣ፦ የላሜራ በርስ?

ጋሼ፦ ላሜራው ዙሪያውን ከተበየደ እሱ ራሱ ድጋፍ ነው፣ ሰያፍ አያስፈልገውም። በአራት ነጥብ ነካክተው የሚተውት ነው የሚወርደው።

ሚጣ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሐምሌ ላይ በሩ አብጦ አልዘጋ ያለ ሰው ይላግ ወይስ ይጠብቅ?

ጋሼ፦ ይጠብቅ፣ በጋ ሲሆን ይመለሳል። በሐምሌ የላገ ሰው ጥር ላይ ንፋስ የሚገባበት በር ነው የሚኖረው።

ሚጣ፦ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። መኝታ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ከሆነ ሶስት ወር ሳይዘጋ መኖር አይቻልም። 1 ሚሊ ይላግና ወዲያው ይቀባ፣ በተለይ አናቱና ግርጌው። አብዛኛው በር እኮ ፊቱና ጀርባው ተቀብቶ አናቱና ግርጌው ባዶ እንጨት ነው፣ እርጥበቱ የሚገባው በዛ ነው።

ጋሼ፦ መቀባቱን አልተቃወምኩም። ግርጌውን ለመቀባት ግን መነቀል አለበት፣ ማን ይነቅለዋል።

ሚጣ፦ ልጅቷ ማጠፊያውን ልታስተካክል ልታወርደው አይደል፣ ያኔ ትቀባዋለች።

ጋሼ፦ እሱስ እውነት ነው። እና ለአናጺው ትንገረው፣ መላጊያውን ቤቱ ትቶ ይምጣ።