የተበተነውን መልስ ወደ አንድ ዓምድ መሰብሰብ

የተከበራችሁ የጥናት ባልደረቦች፣ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ወደ ደሴ በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናገረው በኢንተርኔት መጠይቅ ላይ «የሚስማማዎትን ሁሉ ይምረጡ» ስለሚል ጥያቄ ነው። መላሹ ሦስት ምርጫ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ፋይሉን አውርደን በኤክሴል ስንከፍተው ግን ያ አንድ መልስ በብዙ ዓምድ ተበትኖ እናገኘዋለን። ቆቦ ቱልቦክስን የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ምርጫ አንድ ዓምድ ይከፍትና ከተመረጠ 1፣ ካልተመረጠ 0 ይጽፋል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጥያቄው «ምግብ በምን ታበስላላችሁ?» ይሁን። ምርጫዎቹ ሰባት ናቸው፦ እንጨት፣ ከሰል፣ «ኩበት፣ ቅጠል ወይም ገለባ»፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ፣ ቡታጋዝ እና ሌላ። በፋይሉ ላይ ከ D እስከ J ያሉትን ዓምዶች ይይዛሉ። K ላይ «ሌላ» ያለ ሰው በጽሑፍ የሰጠው መልስ አለ። C ላይ ደግሞ «በቤታችሁ ምግብ ይበስላል?» የሚለው ጥያቄ አለ፤ «አይ» ያለ ሰው የማብሰያው ጥያቄ አይቀርብለትም። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለች አንዲት እናት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፤ መብራት ሲጠፋ ወደ እንጨትና ኩበት ትመለሳለች። ረድፏ 1, 0, 1, 1, 0, 0, 0 ይሆናል። ይህን ቁጥር አይቶ ኑሮዋን የሚረዳ ሰው የለም። ሦስቱ ስሞች በአንድ ሴል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ማንም ያነበዋል። ከዚያም በላይ፣ ስንት ቤት እንጨትና ኤሌክትሪክን አጣምሮ እንደሚጠቀም ለማወቅ ጥምረቱ ራሱ በአንድ ዓምድ መገኘት አለበት።

መጀመሪያ የዓምዶቹን ራስጌ አጽዱ። ሲወርዱ የጥያቄው ስም ከፊታቸው ተለጥፎ ነው የሚመጡት። የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ መርጣችሁ ያን ተቀጥላ አጥፉት፤ የምርጫው ስም ብቻ ይቅር። ቀጥሎ L2 ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=IF($C2="አይ","አልተጠየቀም",
 IF(COUNT($D2:$J2)=0,"አልመለሰም",
 TEXTJOIN("|",TRUE,IF($D2:$J2=1,$D$1:$J$1,""))))
```

ከውስጥ ጀምረን እንየው። የመጨረሻው IF በረድፉ ላይ 1 ባለበት ቦታ ሁሉ የዓምዱን ራስጌ ያነሳል፣ በሌላው ቦታ ባዶ ይተዋል። TEXTJOIN ባዶዎቹን ዘሎ የቀሩትን በቁም መስመር ያያይዛቸዋል። የእናታችን መልስ «እንጨት|ኩበት፣ ቅጠል ወይም ገለባ|ኤሌክትሪክ» ሆኖ ይወጣል። ስሞቹ ሁልጊዜ በዓምዶቹ ቅደም ተከተል ስለሚመጡ፣ አንድ ዓይነት ነገር የመረጡ ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይኖራቸዋል።

ነጠላ ሰረዝ ትቼ ቁም መስመር የመረጥኩበት ምክንያት አሁን ይታያችኋል። «ኩበት፣ ቅጠል ወይም ገለባ» በራሱ ውስጥ ነጠላ ሰረዝ አለው። መለያውም ያው ምልክት ቢሆን ኖሮ፣ ሦስት የመረጠችው እናት አራት እንደመረጠች ተቆጥራ ትወጣ ነበር። መለያ የሚሆነው በየትኛውም ምርጫ ስም ውስጥ የሌለ ምልክት ነው። ቆቦ ራሱ ምርጫዎቹን በአንድ ዓምድ ማውጣት ይችላል፣ ግን የሚለያቸው በክፍት ቦታ ነው። ለአጫጭር የውስጥ ስሞች ይሄ ይበቃል፤ እንደ ኩበቱ ላሉ ባለ ብዙ ቃል የአማርኛ ስሞች ግን አይሆንም።

TEXTJOIN ከኤክሴል 2019 ጀምሮ ነው ያለው። በ2016 #NAME? ይላችኋል፤ ያኔ በነፃ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስ ካልክ ተጠቀሙ። በ2019 እና በካልክ ቀመሩን ስትጨርሱ Ctrl+Shift+Enter ተጫኑ፤ በማይክሮሶፍት 365 Enter ብቻውን ይበቃል።

አሁን ብዙ ፋይል የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ባዶው ሴል። 0 ማለት ሰውየው ጥያቄውን መልሶ ያንን ምርጫ አልነካውም ማለት ነው። ሰባቱም ሴሎች ባዶ ከሆኑ ግን ጥያቄው አልቀረበለትም፣ ወይም ቀርቦለት አልፎታል። ከባዶው ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ለዚህ ነው ቀመሩ መጀመሪያ C ን የሚያየው። አንዳንድ መጠይቅ ደግሞ 0 የሚባል ነገር አይጽፍም፤ የተመረጠውን ይሞላል፣ ሌላውን ባዶ ይተዋል። እንዲያ ከሆነ መጠይቁ ሲዘጋጅ «ከእነዚህ አንዱም አይደለም» የሚል ምርጫ ካልገባ፣ ምንም ያልመረጠውንና ጥያቄውን ያለፈውን ሰው በኋላ በምንም ቀመር መለየት አይቻልም።

ቀመሩን ወደ ታች ስትስቡት L ላይ «አልመለሰም» ብቻ ከተደረደረ መላሾቹን አትውቀሱ። ቁጥሮቹ እንደ ጽሑፍ ስለተቀመጡ ነው። 1 በሴሉ ግራ በኩል ተጠግቶ፣ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ይዞ ታዩታላችሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲያይ 1 ቁጥርን ገልብጦ በጠቅላላው ክልል ላይ በ Paste Special ያባዛል። ጽሑፉ ወደ ቁጥር ይለወጣል፣ ነገር ግን ባዶዎቹ ሴሎች ሁሉ 0 ይሆናሉ። በዓምዶቹ ላይ ያለፈውም ያልተጠየቀውም ሰው «ምንም አልመረጠም» ተብሎ ይቀራል፤ ፋይሉም ምንም የስህተት ምልክት አያሳይም። ይልቁንስ ዓምዶቹን አንድ በአንድ እየመረጣችሁ Text to Columns ከዚያም Finish በሉ። ባዶው ባዶ ሆኖ ይቆያል።

ለማጣራት M2 ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=LEN(L2)-LEN(SUBSTITUTE(L2,"|",""))+1=SUM(D2:J2)
```

በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ቁም መስመሮች ይቆጥራል፣ አንድ ይጨምራል፣ ከ1ዶቹ ድምር ጋር ያስተያያል። የእናታችን ዝርዝር ሁለት መስመር አለው፣ ሲደመር ሦስት፤ ድምሩም ሦስት፤ TRUE ይላል። «አልተጠየቀም» እና «አልመለሰም» ያሉ ረድፎች FALSE ማለታቸው የሚጠበቅ ነው። ሌላ FALSE ካያችሁ እዚያ ረድፍ ላይ ቁሙ።

ስለ «ሌላ» አንድ ነገር ልበል። ጢጣ አካባቢ ያለ መላሽ «ሌላ» ብሎ K ላይ «የባሕር ዛፍ ጭራሮ» ቢጽፍ፣ ያ እንጨት ነው። እርማቱን L ላይ ሳይሆን በዓምዶቹ ላይ አድርጉ፦ እንጨት 1፣ ሌላ 0። ዝርዝሩ ራሱን ያስተካክላል፣ ማጣሪያውም አይናጋም። እንጨት ቀድሞ ተመርጦ ከነበረም ሁለቴ አይጻፍም። K እንደነበረ ይቆይ፤ መላሹ በራሱ ቃል የተናገረው እዚያ ነውና።

እንግዲህ ዝርዝሩ ተሠራ ብላችሁ ዓምዶቹን እንዳታጠፉ። ዝርዝሩ ለማንበብና ጥምረት ለማየት ነው፤ ነጠላ ምርጫ ሲቆጠር ከዓምዶቹ ይቆጠር። ጋዝ የሚጠቀሙ ቤቶችን ከዝርዝሩ ላይ "*ጋዝ*" ብላችሁ በ COUNTIF ብትፈልጉ ቡታጋዝ ያለውም ቤት ይቆጠራል፤ ስሙ ውስጡ አለና። የ H ዓምድ ድምር ግን ጋዝን ብቻ ይሰጣችኋል።

ፋይሉን ለሌላ ቢሮ ስትልኩ ቅጂ አውጥታችሁ፣ በቅጂው ላይ L ን በ Paste Values ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጡ፤ ተቀባዩ አሮጌ ኤክሴል ቢኖረውም ያነበዋል። ቀመር ያለበት ዋናው ፋይል እናንተ ዘንድ ይቆይ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ፋይላችሁን ይዛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ በራሳችሁ መረጃ ላይ አብረን እንየው።