የአንድ ሰው መቶ በመቶ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። በአገር በቀል ድርጅቶች የፋይናንስ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ስሠራ ደጋግሞ ያስጨነቀኝን አንድ ጉዳይ ብቻዬን ላነሣላችሁ ነው። አንድ ሠራተኛ ደመወዙን ከሦስትና ከአራት ፕሮጀክቶች በመቶኛ እየተከፋፈለ ሲያገኝ በጀቱ እንዴት ይያዛል? በቢሮ ቋንቋችን ኤል ኦ ኢ የምንለው፣ ማለትም ሠራተኛው ከሥራ ጊዜው ምን ያህሉን ለየትኛው ፕሮጀክት እንደሚያውል የሚያሳየው ድርሻ ማለቴ ነው።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በምሳሌነት ልውሰድ፤ ቁጥሮቹን ለአእምሮ እንዲቀልሉ አድርጌያቸዋለሁ። የወር ደመወዟ 30,000 ብር ነው። አሠሪው የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ ማለትም 3,300 ብር ስለሚጨመርበት፣ ድርጅቱን በወር የምታስወጣው 33,300 ብር ነው። መከፋፈል ያለበትም ይኸኛው ድምር ነው። ደመወዙን ብቻ ከፋፍሎ መዋጮውን የዘነጋ ሰው በየወሩ ባለቤት የሌለው ወጪ ይተርፈዋል። ባለሙያዋ ለውኃ ፕሮጀክቱ 50፣ ለትምህርቱ 30፣ ለጤናው 20 በመቶ ተመድባለች እንበል። እንግዲህ ውኃው 16,650፣ ትምህርቱ 9,990፣ ጤናው 6,660 ብር ይሸፍናሉ ማለት ነው፤ ሲደመር አንድ ብርም አይጎድልም።

በወረቀት ላይ እንዲህ የተስተካከለው ነገር የሚበላሸው፣ እኔ እንዳየሁት፣ ፕሮፖዛል በሚጻፍበት ሰሞን ነው። የፕሮግራም አስተባባሪው ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ቢሮዬ ይመጣና፣ “እባክዎ፣ የሒሳብ ባለሙያዋን ለዚህኛው 40 በመቶ ያስገቡልኝ፤ ለጋሹ ይሸፍነዋል” ይለኛል። የእርሱን ሰነድ ብቻ ብንመለከት ጥያቄው ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን ፕሮጀክቱ በጸደቀ ማግስት የዚያች ሴት ድርሻ 140 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ማለት የአንዱ ደመወዝ ከፊል ከሁለት ለጋሾች ተደርቦ ተጠይቋል ማለት ነው። እያንዳንዱ በጀት ለየብቻው ትክክል ስለሆነ ስሕተቱ በየትኛውም ሰነድ ላይ አይታይም። የሚታየው የሠራተኞች ስም ቁልቁል፣ ፕሮጀክቶቹ አግድም ተጽፈው፣ የእያንዳንዱ ሰው ድምር በየወሩ በሚነበብበት አንድ ሰንጠረዥ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ዘንድ ማንኛውም አዲስ መቶኛ መጀመሪያ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል፤ ወደ ፕሮፖዛሉ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ያልጸደቀውን በሌላ ቀለም አስቀምጠዋለሁ እንጂ ከጸደቀው ጋር አልደምረውም።

የከበደኝ ትምህርት ግን ሠራተኛው ለየትኛው ፕሮጀክት ስንት ሰዓት እንደሠራ ከሚሞላበት ከታይምሺት የመጣ ነው። ቀደም ሲል በሠራሁበት ድርጅት ሠራተኞቻችን በየወሩ መጨረሻ ታይምሺት ሲሞሉ በጀቱ ላይ ያለውን 50፣ 30፣ 20 እንዳለ ይገለብጡ ነበር። እኔም ቁጥሩ ከፔሮሉ ጋር ስለሚገጥም ሥራው የጸዳ መስሎኝ እፈርምበት ነበር። አንድ ዓመት ኦዲተሩ የአንድ የመስክ ባለሙያ ታይምሺት፣ የውሎ አበል ማወራረጃውንና የመኪና ጉዞ መዝገቡን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሰውየው በዚያ ወር ከሠራባቸው 20 ቀናት 12ቱን ለትምህርት ፕሮጀክቱ ሥልጠና መስክ ላይ ነበር፤ አበሉም የተከፈለው ከዚያው ፕሮጀክት ነው። ታይምሺቱ ግን ትምህርት 30 በመቶ ይላል። ኦዲተሩ ስለ አንዱ ወር ብቻ ጠይቆ አላበቃም። አሥራ ሁለቱም ወር ተመሳሳይ ቁጥር ስለነበረው ዓመቱን ሙሉ መዝገቡን ማመን እንደማይችል ገለጸልን፤ ያንን ደመወዝ ድርጅቱ ከራሱ ኪስ መለሰ። የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ዛሬም ያሳዝነኛል።

የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ገንዘብ ደንብ፣ በሁለት ሲ ኤፍ አር 200.430 ላይ፣ ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል፦ በጀት ላይ የተገመተው መቶኛ ለጊዜያዊ ምዝገባ ሊያገለግል ይችላል፤ ለብቻው ግን የደመወዝ ወጪ ማስረጃ አይሆንም፤ በኋላ በትክክል ከተሠራው ጋር መስተካከል አለበት። ስለዚህ በጀቱ ግምት ነው፣ ታይምሺቱ ደግሞ የሆነው ነገር ምስክር ነው፤ ሁለቱ በየወሩ ልክ ለልክ ከገጠሙ መጠራጠር ይገባል።

እስቲ ወደ ሒሳብ ባለሙያችን እንመለስና አንድ ወር አብረን እናስላ። ወሩ 22 የሥራ ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በጠቅላላው 176 ሰዓት አለው። ሁለት ቀን የዓመት ዕረፍት ወስዳለች፤ ስለዚህ የሠራችው 160 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 64ቱ ለውኃ፣ 64ቱ ለትምህርት፣ 32ቱ ለጤና ውለዋል፤ ማለትም 40፣ 40፣ 20 በመቶ። የሚካፈለው ለተሠራው 160 ነው እንጂ ለ176ቱ አይደለም፤ የዕረፍቱ 16 ሰዓት ያንኑ ድርሻ ተከትሎ ይከፋፈላል። ዕረፍቱን ጠቅልሎ በዚያ ወር ገንዘብ በተረፈው ፕሮጀክት ላይ መጫን ብዙ ቦታ ያየሁት ልማድ ነው፤ ተገቢ አይደለም። በዚህ ስሌት ውኃው 13,320፣ ትምህርቱም 13,320፣ ጤናው 6,660 ብር ይሸከማሉ።

ትምህርቱ ከበጀቱ በ3,330 ብር በለጠ። ለአንድ ወር ይህ አያስደነግጥም፤ የዓመት መዝጊያ ሥራ ወይም ሥልጠና ሲበዛ ድርሻው ከፍ ይላል፣ በኋላ ይወርዳል። እኔ የማየው የሦስት ወሩን ድምር ነው። ሦስቱንም ወር 40 ላይ ከቆየ ጉዳዩ የሥራ መብዛት ብቻ አይደለም፤ የተያዘው በጀት አይበቃም ማለት ነው። ለዓመቱ ለእርሷ በትምህርቱ ላይ የተያዘው 119,880 ብር ነው፤ በወር 13,320 ሲወጣ ልክ በዘጠነኛው ወር መጨረሻ ያልቃል። ይህንን በሦስተኛው ወር ያወቀ ሰው ለጋሹን የበጀት ማሻሻያ ሊጠይቅ፣ ወይም የሥራ ምድቡን ራሱ ሊለውጥ ስድስት ወር አለው። በአሥረኛው ወር ያወቀ ግን ታይምሺቱን ለማስተካከል ይፈተናል፤ እኔ የማውቃቸው የተበላሹ መዝገቦች አብዛኞቹ የጀመሩት ከዚህ ነው።

ሌላው ፕሮጀክት ሲዘጋ የሚመጣው ነው። ትምህርቱ ቢያልቅና የሚተካው ባይመጣ የባለሙያዋ ድምር 70 በመቶ ይሆናል፤ 9,990 ብር በወር ባለቤት ያጣል። ቀሪዎቹን ሁለቱን “ትንሽ ትንሽ ጨምሩ” ማለት ቀላል ይመስላል፤ ሰዓቷ በእነርሱ ላይ ካልጨመረ ግን ያው የቀድሞው ስሕተት ነው። ወደ አስተዳደር ወጪ ሲገባ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያስቀመጠው ጣሪያ አለ፤ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ፕሮጀክት ሲዘጋ ገቢውም አብሮ ስለሚቀንስ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ጭነቱ ግን በዚያው ሰዓት ይጨምራል።

ስለዚህ አሁን በምሠራበት ቢሮ፣ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ፔሮሉ ከመመዝገቡ በፊት ሰንጠረዡን እዘረጋለሁ። ከፊት ያሉትን ስድስት ወራት የእያንዳንዱን ሰው ድምር አነባለሁ፤ ከመቶ የጎደለውንም የበለጠውንም ስም ይዤ ወደ ዳይሬክተሩ እሄዳለሁ። በዚህ ወር የተያዙት ሁለት ስሞች ናቸው፤ አንደኛው ከሦስት ወር በኋላ 60 በመቶ ላይ የሚወርድ ሾፌር ነው፤ ለእርሱ ደብዳቤ የምንጽፍለት ለጋሽ ገና አልተገኘም።