ከመንግሥት ቤት ወደ ፋብሪካ ስትሄዱ ጡረታችሁ ምን ይሆናል?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አላችሁ።

ዛሬ ከደሴ መሥሪያ ቤቶች ለቃችሁ ኮምቦልቻ ልትቀጠሩ ላሰባችሁ ነው የምናገረው። በሰው ሀብት ሥራ ላይ እያለሁ በብዛት የምጠየቀው «የመንግሥት አገልግሎቴ ውኃ በላው ወይ?» የሚለውን ነው።

አልበላውም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የሁለቱ ዘርፎች አገልግሎት ተደምሮ ይታሰባል። መዋጮውም ያው ነው፦ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። የሚለወጠው ፈንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳያችሁን የሚይዘው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። የጡረታ አበሉ የሚሰላው ጡረታ ከመውጣታችሁ በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ መደበኛ ደመወዝ ነው። ከደመወዙ ጋር የሚከፈል የቤትና የትራንስፖርት አበልም ሆነ ጥቅማጥቅም አይቆጠርም።

አንዲት መምህርት እናስብ። ደሴ 16 ዓመት አስተምራ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ 9 ዓመት ሠርታ በ60 ዓመቷ ጡረታ ወጣች። ድምሩ 25 ዓመት። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሩት 15 ለእያንዳንዱ 1.25 በመቶ፣ በአጠቃላይ 48.75 በመቶ ይደርሳታል።

በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት በወር 12,000 ብር ታገኝ ነበር እንበል። ሁሉም መደበኛ ደመወዝ ከሆነ ጡረታዋ 5,850 ብር ነው። ድርጅቱ 7,000ውን ደመወዝ፣ 5,000ውን የቤትና የትራንስፖርት አበል ብሎ ከከፈለው ግን 3,412 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። እጇ ላይ የሚገባው ብር ያው ስለነበር ልዩነቱን ያየችው ጡረታ ስትወጣ ነው። ለዚህ ነው በቅጥር ድርድር ላይ «ጠቅላላ ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ እንዳትመለሱ የምለው። ደመወዝ ተብሎ በውሉ የሚጻፈው ስንት ነው? እሱን ጠይቁ፤ ትንሽ ቢያፍሩም ይጠየቃል።

የወረቀቱ ነገር አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው እዚህ ይሰናከላል። ከመሥሪያ ቤታችሁ ስትለቁ የተቀጠራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ ደመወዛችሁ፣ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥ እንደነበር የተጻፈበት ማስረጃ ያዙ። የሕይወት ታሪክ ቅጻችሁን ቅጂም አትተዉ። አዲሱ አሠሪ ሌላ የልደት ቀን እንዳይሞላ ተጠንቀቁ፤ ሕጉ የሚቀበለው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የተመዘገበውን ነው። ዓመታት አልፈው መዝገብ ቤት ውስጥ ማህደር ከመፈለግ ዛሬ ቅጂ ማንሳት ይቀላል።

በመንግሥት ቤት መዋጮው ገቢ ሆነ አልሆነ ብሎ የሚጨነቅ ሠራተኛ ብዙም አይታይም። በግል ድርጅት ግን ከደመወዛችሁ 7 በመቶው ተቆርጦ ሳይተላለፍ ሊከርም ይችላል። የደመወዝ ወረቀታችሁን በየወሩ አስቀምጡ። በየጊዜው ለሒሳብ ክፍሉ «የጡረታ መዋጮ የተከፈለበትን ደረሰኝ አሳዩኝ» በሉ። ዛሬ ነገ እያሉ ካጓተቷችሁ በእጃችሁ ያለውን የደመወዝ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ማህበራዊ ዋስትና ቢሮ ሂዱ። ያኔ ከደመወዛችሁ መቆረጡን የሚያሳየው እሱ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።