ከ12.0 እና ከ12.3 የቱ?

እንደምን አደራችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች! በዚህ የደሴ ብርድ በጠዋት ተነስታችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ዛሬ የምናየው አንድ የኬሚስትሪ ጥያቄ ብቻ ነው።

ግማሽ ሞል ጋዝ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር ግፊት ይዘቱ ስንት ነው? ምርጫዎቹ፦ ኤ 11.2 ሊትር፣ ቢ 12.0 ሊትር፣ ሲ 12.3 ሊትር፣ ዲ 12.3 ሚሊ ሊትር።

ቀመሩን ከመንካታችሁ በፊት ዲን ተመልከቱ። ግማሽ ሞል ውሃ 9 ግራም ነው፤ ይህም 9 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ጋዝ የሆነ ነገር ከፈሳሽ ውሃ እምብዛም የማይበልጥ ቦታ ይዞ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ ዲ ወደቀ። ጥያቄ አውጪው ያስቀመጠው ቁጥሩን አይቶ መለኪያውን ለሚዘለው ነው።

ኤም ቶሎ ይወድቃል። 11.2 ሊትር የግማሽ ሞል ይዘት የሚሆነው በ0 ዲግሪ ነው። ጋዙ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መልሱ የግድ ከ11.2 በላይ ነው። 22.4ን በቃላቸው ይዘው የሙቀቱን መጠን የማያነቡ ሁሉ እዚህ ይያዛሉ።

ዋናው ፈተና ቢና ሲ ላይ ነው። ሁለቱም ሊትር ስለሆኑ መለኪያ መፈተሽ አይለያቸውም። PV = nRT ላይ አትሞስፌሩ፣ ሞሉና ኬልቪኑ ተጣፍተው ሊትር ብቻ ይቀራል፤ ይህ አቀማመጣችሁ ትክክል መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ ቁጥሩን አያጣራም። 12.0 ከየት መጣ? R 0.082 ሆኖ ሳለ ለእጅ ስሌት እንዲመች 0.08 ካደረጋችሁት፣ 0.5 × 0.08 × 300 በትክክል 12.0 ይሰጣል። የተጣለችው 0.002 ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ከ0.082 ላይ 2.4 በመቶ ናት፣ በ12.3 እና በ12.0 መካከል ያለው ልዩነትም ያው 2.4 በመቶ ነው። ስለዚህ ቁጥር ከማጠጋጋታችሁ በፊት ምርጫዎቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ እዩ። እዚህ 0.082ን ሳትነኩ 0.5ን ከ300 ጋር አስቀድማችሁ አባዙ፤ 150 በ0.082 ሲባዛ 12.3 ነው።

R ሳያስፈልጋችሁም ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ከ273 ወደ 300 ኬልቪን የጨመረው 27 ነው፣ አንድ አስረኛ ያህል። 11.2 ላይ አንድ አስረኛውን፣ 1.1ን፣ ስትደምሩ 12.3 ይመጣል። በሁለት መንገድ አንድ መልስ ካገኛችሁ ሲን አጥቁሩና እለፉ።

አንድ ነገር እንጨምር። እዚህ ደሴ ከፍታው 2,400 ሜትር ስለሚያልፍ የአየሩ ግፊት 1 አትሞስፌር አይሞላም፤ ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ፈተናው 1 ካለ በ1 ስሩ። አሁን ግን ወረቀት አውጡና ያንኑ ጋዝ በ0.75 አትሞስፌር አስሉት። ከማስላታችሁ በፊት ግን ከ12.3 ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለውን ጻፉ።