ለዓይን የተጻፈ ምስጋና በጆሮ ሲደመጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮች። ይህን ክፍል የምቀዳው ከድሬዳዋ ነው። ዛሬ የማነሣላችሁ በወረቀት ላይ ተጽፎ በሰው ፊት ጮክ ተብሎ ስለሚነበብ ምስጋና ነው። በሠርግ፣ በምረቃ ወይም በተዝካር ላይ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይነሣና ያነባል፤ ቃላቱ ያማሩ ናቸው፣ ሐሳቡም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አድማጩ ገና አጋማሹ ላይ ሳይደርስ ልቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው አንባቢው ስላላመሰገነ ሳይሆን፣ ለዓይን የተሰናዳውን ምስጋና ለጆሮ ስለሚያቀርበው ይመስለኛል።

በቃል ስናመሰግን ብቻችንን አንናገርም። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል ከፊታችን ያለው ሰው «አብሮ ይስጠን» ይለናል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው «ብድር መላሽ ያድርገን» ብለን ስናሰናብተው፣ እርሱም አሜን ብሎ ነው የሚወጣው። የቃል ምስጋናችን ምርቃት ነውና አሜን ባይ ይፈልጋል፤ አጭር የሚሆነውም መልሱ ቶሎ ስለሚመጣ ነው። በጽሑፍ ስናመሰግን ግን መልስ የሚሰጠን ሰው አጠገባችን የለም። ስለዚህ ጸሐፊው ሌላ ነገር ያሳስበዋል፤ ማንም እንዳይቀር፣ የተደረገው ሁሉ እንዲጠቀስ፣ ቋንቋውም ለክብሩ እንዲመጥን። በጋዜጣ ላይ የምናያቸው የሐዘን ምስጋናዎች «ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን» ብለው የሚዘጉ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ ቦታ ላይ አይከፉም፤ አንባቢው ቢጠፋበት ተመልሶ ያነባቸዋል።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ሳቢያን የምትኖር ጎረቤቴ ለእናቷ የ40 ቀን ተዝካር ላይ የሚነበብ የምስጋና ጽሑፍ አዘጋጅታ እንድመለከትላት ሰጠችኝ። አንባቢው ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ ቦታው ደጃፋቸው ላይ የተጣለ ድንኳን፣ ከኋላው ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድ። የጽሑፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይል ነበር፦

«ውድ እናታችን ከዚህ ዓለም በሞት በመለየቷ ምክንያት በደረሰብን ከባድ ሐዘን ከቅርብም ከሩቅም በመምጣት፣ እንዲሁም በስልክ ላጽናኑን፣ ለቀብር ሥነ ሥርዓቱ መሳካት ከፍተኛ አስተዋፅኦ ላበረከቱ ዘመድ ወዳጆች፣ ጎረቤቶችና የዕድር አባላት በሙሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን።»

በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ፣ «ላጽናኑን» ከሚለው «ለ» ጀምሮ የተከፈተው ነገር የሚዘጋው «እናቀርባለን» ሲባል ነው። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው መመስገኑን እስኪያውቅ ድረስ ያንን ሁሉ በጆሮው ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል ብዬ አምናለሁ፤ «ላጽናኑን» እና «ላበረከቱ» የሚሉት ቃላት ስለ ሩቅ ሰዎች ይናገራሉ፤ ያጽናኑት ሰዎች ግን እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዓይን ለዓይን እየተያዩ «እነርሱ» ብሎ ማመስገን ሰውን ከድንኳኑ እንደ ማስወጣት ነው።

ማቃናት የጀመርነው ዓረፍተ ነገሩን በተደረገው ነገር እየለየን በመበጣጠስ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ማሰሪያ እንዲኖረው፣ ምስጋናውም ቶሎ እንዲደርስ አደረግን። ከብዙ ንባብ በኋላ የቆየው ይህ ነው፦

«እናታችን ያረፈች ቀን ብቻችንን አልተዋችሁንም። እናመሰግናችኋለን። ከሐረርና ከጅጅጋ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ፣ ፈጣሪ ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን። የዕድራችን እናቶች፣ እኛ አልቅሰን ሲደክመን እናንተ እሳት ዳር አደራችሁ። እጃችሁ ይባረክ። መምጣት ሳትችሉ ቀርታችሁ በስልክ አብራችሁን ያለቀሳችሁ፣ እናንተንም አልረሳንም።»

«አስተዋፅኦ» እና «መሳካት» የወጡት ከባድ ቃላት ስለሆኑ አይደለም። የዕድር እናቶች ያደረጉትን ስለማያሳዩ ነው። «እሳት ዳር አደራችሁ» ሲባል ግን እያንዳንዷ እናት ራሷን ታገኛለች። «እግዚአብሔር» የሚለውን «ፈጣሪ» ያደረግነውም በምክንያት ነው፤ በእኛ ሰፈር ለቅሶ የሚደርሰው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለሆነ፣ ምርቃቱን ሁለቱም በአንድ አፍ አሜን እንዲሉት ፈለግን።

እዚህ ላይ ወደ ሌላው ጫፍ እንዳንሄድም ተጠንቅቀናል። ወንድሟ «እንደ ወሬ ብናገረውስ?» ብሎ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ጮክ ተብሎ የሚነበብ ጽሑፍ የቡና ላይ ጨዋታ አይደለም፤ የተዝካሩ ክብር የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ሐዘንተኛ ሰው ያለ ወረቀት ቢቆም ድምፁ ሲሰበር የሚይዘው ነገር ያጣል።

ከቃላቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደብን ለመልሱ ቦታ መተው ነው። «ፈጣሪ ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን» ከተባለ በኋላ ድንኳኑ አሜን ማለቱ አይቀርም። አንባቢው ይህን ሳያስብ ከቀጠለ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር መነሻ በአሜኑ ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምርቃት በኋላ አንድ ባዶ መስመር ተውን፤ በኅዳጉም ላይ በእርሳስ «ቆይ» ብለን ጻፍን። የሚመረቀው ነገር ሁልጊዜ በአንቀጹ መጨረሻ ላይ እንዲወድቅም አደረግን፤ መሐል ላይ ከሆነ አሜኑ ሐሳቡን ይቆርጠዋልና።

የቀረው ከአንባቢው አፍ ጋር የተያያዘ ነው። ጽሑፉን የጻፈ ሰው ራሱ ሲያነበው ጉድለቱ አይሰማውም፣ ምክንያቱም የሚያነበው ከትዝታው ነው። ወንድሟ አስቀድሞ ሳያየው እንዲያነበው አደረግንና እኔ በሌላ ቅጂ ላይ የተደናቀፈበትን ሁሉ አሰመርኩ። «ወ/ሮ» ላይ ለአፍታ ቆመ፤ ተዘርዝሮ «ወይዘሮ» ተብሎ ተጻፈለት። «ከላይ የተጠቀሳችሁ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ወጣ፤ ለአድማጭ ከላይ የሚባል ነገር የለውም። ከሁሉ ያስደነገጠን ግን «እናታችን ሁልጊዜ በልባችን አለች» የሚለው ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ልጁ «ለ»ን አላልቶ አነበበውና እናትየዋ አንድ ነገር የተናገረች መሰለ፤ የምትቀጥለውን ቃል ፈልጎም ወደ ታች ተመለከተ። አጥብቆ እንዲያነበው መምከር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ እንባ ሲያቅር ምክሩን ላያስታውሰው ይችላል። «በልባችን ትኖራለች» ብለን ቀየርነው፤ በየትኛውም አነባበብ አይሳሳትም።

እንዲህ ዓይነት ቃል ስታገኙ በላዩ ላይ ምልክት ከማድረግ ይልቅ ቃሉን ብትለውጡት እመክራለሁ። ጽሑፉንም ስታተሙት ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ዓረፍተ ነገሩም በገጽ መጨረሻ ላይ ለሁለት የማይከፈል ይሁን። ወረቀቱ ሲገለበጥ ድምፁ ይቋረጣልና።

የመጀመሪያውን ረጅም ዓረፍተ ነገር አልጣልነውም። ጎረቤቴ «ላጽናኑን» የሚለውን እንዳለ ትታ፣ የቤተሰቡን ስም ከግርጌ አስፍራ ለዕድሩ ጸሐፊ ሰጠችው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለተዝካሩ ያልመጡት እንዲያነቡት። በቀጣዩ ክፍል ሰላምታ ስለሚጻፍበት የሠርግ ጥሪ ወረቀት እናወራለን፤ እስከዚያው ሰላም ቆዩልኝ።