እግረ መንገድህን

እንደምን አመሻችሁ፣ የሙያ ጓደኞቼ። አዘጋጆቹ ስለ ዋጋ አወጣጥ እንድናገር ነበር የጠሩኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና የማወራው ስለ አንዲት ቃል ነው፤ «እግረ መንገድህን»።

ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ምግብ ቤት ሊከፍቱ ከነበሩ እናት ጋር ሎጎ፣ የ8 ገጽ ሜኑና ቢዝነስ ካርድ በ40,000 ብር ተስማማን። ግማሹን ቀብድ ተቀበልኩ። ሁሉም ቴሌግራም ላይ ተጽፏል። በሳምንቱ የድምፅ መልእክት መጣ። «የኔ ልጅ፣ እግረ መንገድህን የበሩንም ታፔላ አየት አድርግልኝ።» «ችግር የለም» አልኩ። ቀጥሎ ሜኑው የጾምና የፍስክ ተብሎ ተለየና 22 ገጽ ገባ። ከዚያ ለቻናላቸው 12 ፖስተር። ለሁሉም «ችግር የለም»! በልቤ ግን ሒሳቡን እየደመርኩ ነበር። እሳቸው ልቤ ውስጥ ያለውን በምን ይወቁት?

ማስረከቢያው ደርሶ 60,600 ብር ብዬ ስጽፍላቸው መልሱ መጣ። «ለአንድ ሥዕል 60 ሺ? የእህቴ ልጅ በ5 ሺ ይሠራዋል!»

ሌሊት የጻፍኩት መልስ እሳት ነበር። ደግነቱ ሳልልከው እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ይሄን ላክሁ፦

«እንደምን አደሩ። መጀመሪያ የተስማማነው 40,000 ብር ነው። እሱ አልተለወጠም፤ የሚቀረው 20,000 ነው። በኋላ የተጨመሩት 14 የሜኑ ገጾች 9,800፣ ታፔላው 6,000፣ ፖስተሮቹ 4,800 ናቸው። ዋጋቸውን አስቀድሜ አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው። ስለዚህ ከነዚህ የሚፈልጉትን ይምረጡ። ያልፈለጉትን አላስከፍልዎትም፤ ፋይሉ ግን እኔው ጋ ይቀራል። የመጀመሪያው ሥራ ቀሪው ክፍያ በገባበት ቀን ይደርስዎታል።»

ስለ እህታቸው ልጅ አንድም ቃል አልመለስኩም። ሁለቱን ሒሳብ ለያየሁ፣ በቃ። ተደባልቆ 60,600 ሲባል እኮ ሰው የሚታየው ዋጋ እንደጨመርክበት እንጂ ሥራ እንደጨመረብህ አይደለም።

ደግሞም መልእክቱ የሠራው ዋናውን ፋይል ስላልሰጠሁ ነው። እስከዚያ ያዩት ስሜ በላዩ የተጻፈበት፣ ለማተሚያ ቤት የማይሆን ደብዛዛ ምስል ነው። ፋይሉን አስረክባችሁ የምትጽፉት መልእክት የክፍያ ጥያቄ አይደለም፤ ልመና ነው! ለማኝ ለመሆን ደግሞ ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልግም ነበር!

ውል በወረቀት ካልሆነ አይጸናም የምትሉም አላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1719ን አንብቡ። ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ ስምምነቱ ይበቃል። ማስረጃችሁን ብቻ አታጥፉ። በድምፅ የታዘዛችሁትን በጽሑፍ መልሱ።

ሴትየዋ ታፔላውን ወሰዱ፣ ፖስተሩን ተዉት፣ ሜኑው በ8 ገጽ ታተመ። 46,000 ብር ላይ ተጨባበጥን። ባለፈው ወር ደወሉልኝ። «እግረ መንገድህን...» ብለው ሲጀምሩ፣ «ዋጋውን ጽፌ ልላክልዎት፤ ከተስማሙ እጀምራለሁ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «በል ላከው» አሉ።